ከሙሽራዋ ጀርባ ያሉት ጨረቃዎች

ሙሽራዋ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። እናቷ በስተቀኟ፣ ከፓውዛው ጀርባ ቆመው፣ ላብ መጥረጊያ መሐረብ በእጃቸው ይዘዋል። አክስቷ መስኮቱን ከሸፈነው ጥቁር ጨርቅ አጠገብ ቆማ በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ከሙሽራዋ ከአንድ ሜትር ብዙም ሳይርቁ ካሜራቸው ላይ አጎንብሰዋል። እኔ ከሁሉም ርቄ፣ ከሙሽራዋ ጀርባ አሥር እርምጃ ያህል ሄጄ፣ የክፍሉ የመጨረሻ ጥግ ላይ የመብራቱን ገመድ ይዤ ቆሜአለሁ። ካሜራው እኔን አያየኝም። እንዳያየኝ ሆኖ የተመረጠ ቦታ ነው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ፎቶውን ያየ ሁሉ ምሽት ይመስለዋል ብዬ ነው። ጊዜው የደርግ ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ ምሽት የሚባል ነገር አልነበረንም። ሰዓት እላፊው ስላለ ሠርግ ያለበት ሰው እንግዶቹን በቀትር አብልቶ ጀንበር ሳትጠልቅ ይሸኛል። ድሮ ከዚራ ዛፎቹ ሥር እስከ እኩለ ሌሊት ወንበር ይወጣ እንደነበር የምናስታውስ ሰዎች ነበርን፤ ግን ስለዚያ አንነጋገርም።

ልጅቷ የመጋላ ነጋዴ ልጅ ነች። አባቷ ከሞቱ አራት ወር አልሞላቸውም። ጅቡቲ ወደብ ላይ ለሚሠራ ሰው በወኪል ኒካህ ታስሮላት፣ የመውጫ ወረቀቷም በስንት ልመና ተገኝቶ፣ በማግሥቱ ጠዋት በባቡር ልትሄድ ነው። ድግስ አልተደገሰም። ቤቱ የሐዘን ቤት ነው፤ ከተማውም እንደዚያው። ጉዳዩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ፎቶ ቤት መምጣት ባላስፈለገ፤ እናቷ ግን ጅቡቲ ላለችው የልጃቸው አማት ሌላ ወሬ ልከውባት ነበር።

«ወላሂ ከአፌ አመለጠኝ» አሉ ለባለቤቱ፣ ገና ከበሩ ሲገቡ። «‹ልጄን በባዶ ቤት አልሰጠሁም፤ አምሽተን፣ መብራት አብርተን ነው የዳርናት› ብዬ በባቡር ነጋዴዎች ላክሁባት። እሷ ደግሞ ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹እንግዲያው ፎቶውን ይዛ ትምጣ› አለች።»

«አንቺም ያላበራሽውን መብራት!» አለች አክስትየዋ።

«ዝም በይ አቦ! ምን ልበል ታዲያ? በባዶ ቤት የተሰጠች ሙሽራ እዚያ ቤት ምን ተብላ እንደምትኖር አታውቂም? ዕድሜ ልኳን ውኃ ስታቀብል ያስታውሷታል።» ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞሩ። «አንተ ጨረቃ ታወጣለህ ይሉሃል። አውጣልኝ።»

ልጅቷ ሂናው ገና ያልጠቆረ እጇን እያየች ቆማ ነበር።

ጨረቃ የምንለው ምን እንደሆነ ልንገር። ባለቤቱ፣ እኔ ጋሼ ነበር የምላቸው፣ አገር ለቆ ከሄደ አንድ ግሪክ የገዙት የመብራት ገመድ ነበራቸው። ፈረንጆች ለገና ዛፍ ላይ የሚጠመጥሙት ዓይነት ነው፤ ትንንሽ አምፖሎች የተሰኩበት። አንዱ አምፖል ከላላ ሁሉም ይጠፋሉ፤ የላላውን እየነካኩ መፈለግ የኔ ሥራ ነበር። ገመዱን ክፍሉ መጨረሻ ላይ በተሰቀለ ጥቁር ጨርቅ ላይ እንበትነዋለን። በመስመር አይሰቀልም፤ በመስመር ከተሰቀለ ሱቅ ይመስላል። ከዚያ ተነሺውን ወደ ካሜራው እናስጠጋለን፣ ከመብራቶቹ እናርቃለን። የሌንሱ ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። ያኔ ካሜራው ፊቷን ብቻ አጥርቶ ያያል፤ ከኋላ ያለው እያንዳንዱ አምፖል ይደበዝዝና ይሰፋል፣ ክብ ይሆናል፣ ለስለስ ብሎ ያበራል። አንዱ ክብ ሌላው ላይ ይደረባል። አንድ ትልቅ አዳራሽ በሩቅ በመብራት የተሞላ ይመስላል።

በዓይን ስታየው ግን ምንም የለም። የደበዘዘ ቀለም ያላቸው ጥቂት አምፖሎች፣ የተጨማደደ ጥቁር ጨርቅ። ጨረቃው ያለው ሌንሱ ውስጥ ብቻ ነው። ፊቷን ወደ ካሜራው አድርጋ የምትቀመጠው ደግሞ ያንንም አታይም።

ፊልም በዚያ ዘመን እንደ መድኃኒት ብርቅ ነበር። ጋሼ የቀራቸው አንድ ጥቅል ብቻ ነው፤ ከዚያ አሥራ ሁለት ፎቶ ይወጣል። የመጀመሪያዋን ለሙከራ መደቡ። ልጅቷ ገና ሽንት ቤት ሄዳ ፊቷን ስትታጠብ፣ በርጩማው ባዶ ስለሆነ፣ «ነይ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ከዚያ ነጩን ሻርፕ ከእናቷ ተቀብለው «ይሄንንም ልበሺው፤ ነጩ በብርሃን ብዛት እንዳይቃጠል ልለካ» አሉ። ሻርፑ ጠርዙ በወርቃማ ክር የተሠራ፣ ስስ፣ ከባድ ሽቶ የነካው ነበር።

አክስትየዋ ማራገቧን አቆመች።

«አላህ! ይቺ ደግሞ አማረባት። አንቺ ልጅ፣ ለምንድነው ያላገባሽው? ጠያቂ ጠፍቶ ነው ወይስ አንቺ ጠፍተሽ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኩ።

«ባልም ሥራ ነው!» አለችና ብቻዋን ሳቀች። የሙሽራዋ እናትም ፈገግ አሉ፤ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ለጥያቄዋ ሌላ መልስም ነበረኝ፤ ግን ለማንም ተናግሬው የማላውቅ ነገር ስለሆነ አሁንም አልጽፈውም።

«ቀና በይ» አሉ ጋሼ። ቀና አልኩ። «ትንፋሽሽን ያዢ።» ያዝኩ። ካሜራው አጭር ድምፅ አሰማ፣ ጠቅ ብሎ አለቀ። ሻርፑን አውልቄ አጣጥፌ ለእናቷ መለስኩና ወደ ጥጌ ሄድኩ።

ሙሽራዋ ስትቀመጥ ትከሻዋ ወደቀ። ልጅቷ አንገቷን የደፋች አይደለችም፤ ፊቷ ቀና ነው፤ ትከሻዋ ግን የተሸከመ ሰው ትከሻ ነው። ፓውዛው ሙቀቱን ይለቃል፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ የድሬዳዋን ረፋድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ፊቷ ላይ የተቀባችው ዱቄት በየደቂቃው ይቀልጣል፤ እናቷ እየመጡ በመሐረብ ይነካኩታል።

ካሜራው ሁለት ዓይን ያለው ዓይነት ነበር። ከላይ ያለው ዓይን ያሳያል፣ ከታች ያለው ፊልሙ ላይ ያነሳል። ከላይ ወደ መስታወቱ ለሚያይ ሰው ምስሉ ሳያነሱትም ይታያል። ጋሼ እናቷን ጠርተው አሳዩአቸው።

«ያ ረቢ!» አሉ እናቷ። «ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? እህቴ፣ ነይ እዪ፣ ቤቱ ሞልቷል!»

አክስትየዋም ጎንበስ ብላ አየችና በአድናቆት ምላሷን አጮኸች። እናቷ ግን ቀና ሳይሉ ጥቂት ቆዩና ሌላ ነገር አገኙ።

«ወርቋ ግን አይታይም።»

«ይታያል» አሉ ጋሼ።

«የጉትቻው ጫፍ ብዥ ብሏል። የሻርፑም ጠርዝ እንደዚያው። አንተ አማቷን አታውቃትም፤ ያቺ ሴትዮ መጀመሪያ ፊት አይደለም የምታየው። ወርቁን ነው የምታየው። ጥርት ይበል።»

«ፊቷ ከጠራ ጆሮዋ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ለጨረቃው ሲባል ነው።»

«ጨረቃውም ይኑር፣ ወርቁም ይጥራ። አንተ ስንት ዓመት የሠራህ ሰው ነህ፤ ይሄ ያቅትሃል?»

ጋሼ ጥሩ ባለሙያ ነበሩ፤ ደንበኛ ፊት አይሆንም ማለት ግን አይወዱም ነበር። ካሜራው ላይ አጎንብሰው የሆነ ነገር ነካኩ። ከላይ በመስታወቱ እንደገና አዩ፤ እናቷም አዩ፤ ጨረቃው እንዳለ ነው። «እንግዲህ ረዘም ላደርገው ነው፤ ፈጽሞ እንዳትንቀሳቀሺ» አሏት ልጅቷን። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን።

ያኔ ሰማሁት። እኔን ሲያነሱኝ ጠቅ ብሎ ያለቀው ድምፅ አሁን ዝዝዝ ብሎ አንድ ሰከንድ ቆየ። ካሜራው ረጅም ጊዜ የሚወስደው ቀዳዳው ሲጠብብ ነው፤ ትንሽ ብርሃን ስለሚገባ ብዙ ይጠብቃል። ጋሼ ወርቁን ለማጥራት ቀዳዳውን አጥብበውታል። ቀዳዳው ሲጠብብ ደግሞ ከሩቅ ያለውም እየጠራ ይመጣል፤ ጨረቃው ይከስማል፣ አምፖል ወደ አምፖልነቱ ይመለሳል። ከላይ ያለው ዓይን ግን ይህን አያሳይም፤ እሱ ሁልጊዜ እንደተከፈተ ነው። እናቷ ያዩት ጨረቃ ፊልሙ ላይ አይኖርም ነበር።

ይህን ሁሉ ከጥጌ ሆኜ አውቄዋለሁ። ገመዱን ይዤ ዝም አልኩ። ጋሼን ደንበኛ ፊት አርሜ አላውቅም፤ ሴት ሠራተኛ ጌታዋን በሰው ፊት አታርምም ብዬ ያደግሁ ነኝ። ደግሞም ምናልባት እሳቸው የሚያውቁት ነገር ይኖራል አልኩ። ዝዝዝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ። ዝዝዝ። ሁሉንም ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ።

ሊወጡ ሲሉ ሙሽራዋ ወደኔ ዞረች።

«አንቺ ነሽ የምታትሚው?»

«አዎ።»

«ለነገ ይደርሳል?»

«ዛሬ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አመጣልሻለሁ።»

«እናቴ ስለ ፎቶው ሌሊቱን ሁሉ አትተኛም» አለች ቀስ ብላ፣ እናቷ እንዳይሰሙ። «እኔ ባገኘውም ባላገኘውም እሄዳለሁ። እሷ ግን እዚህ ብቻዋን ቁጭ ብላ ‹ምን አሏት ይሆን› ስትል ትኖራለች።»

ፊልሙን በቀትር አጠብኩት። ድሬዳዋ ላይ ፊልም ለማድረቅ ማራገቢያ አያስፈልግም። ጨለማ ክፍሉ ደጃፍ ላይ አንጠልጥዬ ከብርሃኑ አንጻር አየሁት። የመጀመሪያዋ፣ የኔዋ፣ ከጀርባዋ ክቦቹ ሞልተዋል፤ እርስ በርስ የተደራረቡ፣ ለስላሳ። የቀሩት አሥራ አንዱ ላይ ሙሽራዋ አለች፣ ወርቁ ጥርት ብሏል፣ ከኋላ ግን እንደ ጤፍ የደቀቁ ነጥቦች። አንዳንዱ ላይ ገመዱ ራሱ ይታያል፣ ጨርቁም መጨማደዱ ይታያል። ሠርግ ሳይሆን መብራት ጠጋኝ ቤት ይመስላል።

ጋሼን ጠራኋቸው። አዩና በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«የላይኛው ዓይን አታለለኝ» አሉ። «ሃያ ዓመት ሠርቼ!» ወደኔ ዞረው፣ «አንቺ ድምፁን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ፊልም የለም» አሉ። «ከማን እንበደራለን? ነገ ባቡሩ ይሄዳል። ለዚያች ሴትዮ ምን ብዬ ልንገራት?»

«ጨረቃው አለ» አልኩ።

«የት?»

«የኔ ላይ።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ካሜራው ከመቆሚያው አልተነሳም፣ በርጩማውም አልተነቃነቀም። እሷን ከአንዱ ኔጌቲቭ፣ ከጀርባዋ ያለውን ከኔ ኔጌቲቭ፣ ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ ማተም ይቻላል። ካርቶን ላይ የእሷን ቅርጽ በማተሚያው ማጉያ መብራት አውርጄ በእርሳስ ዙሪያዋን እሠራለሁ፣ እቆርጠዋለሁ። ከዚያ ጀርባዋን ሸፍኜ እሷን አትማለሁ፤ ቀጥሎ እሷን በተቆረጠው ቅርጽ ሸፍኜ ጀርባውን አትማለሁ። በመስታወት ላይ አስቀምጬ ካርቶኑን ከወረቀቱ ጣት ያህል ከፍ ካደረግሁት ጠርዙ እንደ ምላጭ አይቆርጥም፤ ይለሰልሳል።

«በሷ ቅርጽ የምትሸፍኚው ማንን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉ ጋሼ።

«አውቃለሁ።»

«መጀመሪያ ለራስሽ አንድ አትሚ እንግዲያው። ደህና ወጥተሻል።»

«የትልቁ ወረቀት ሦስት ቅጠል ብቻ ነው የቀረን» አልኩ።

እውነት ነበር። ሦስት ብቻ ነበር።

ቀዩን አምፖል አብርቼ ገባሁ። የመጀመሪያው ቅጠል መድኃኒቱ ውስጥ ሲወጣ ሙሽራዋ ባለ ሦስት ትከሻ ሆነች። የወደቀው የሷ ግራ ትከሻ፣ ከላዩ ደግሞ ቀና ያለው የኔ፤ የሷ ቅርጽ የኔን ሙሉ በሙሉ አልሸፈነውም። መብራት ውስጥ ሰው ከኋላዋ የቆመ መሰለ። ያንን ቅጠል ጣልኩ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የኔን ትከሻ ዝቅ ማድረግ አልችልም፤ ኔጌቲቭ ላይ ያለ ትከሻ እንደተቀመጠ ይቀራል። የሷን ከፍ ማድረግም አልችልም። ግን ሁለታችንም የለበስነው ያንኑ ሻርፕ ነው። ካርቶኑን እንደገና ቆረጥኩት፤ አሁን የሷን ግራ ትከሻ ከአንገቷ ሥር አስቀርቼ የኔ እንዲታይ ተውኩት። ሁለተኛው ቅጠል ላይ መጋጠሚያው ላይ ነጭ ክር የመሰለ መስመር ቀረ። ሦስተኛውን ስነክር እጄን በጨርቅ ሁለት ጊዜ ጠረግሁ።

ወጣ። ሙሽራዋ ቀና ብላ ተቀምጣለች። ወርቁ ጥርት ብሏል። ከኋላዋ ሽምብራ የሚያህሉ ክቦች፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ወደ ጥጉ እየሳሱ። ሲደርቅ መጋጠሚያውን በእርሳስ ነካ ነካ አደረግሁት፣ የሻርፑ እጥፋት እንዲመስል። በቀጭን ብሩሽ ክቦቹን አንዳንዱን ቢጫ፣ አንዳንዱን ፈዛዛ ሮዝ ቀባሁ። ሁሉንም አልቀባሁም፤ ሁሉንም ከቀቡት ውሸት ይሆናል።

ጋሼ አይተው «ይሄ ሠርግ ነው» አሉ። ራሳቸው ፖስታ ፈልገው ሰጡኝ።

የደቻቱን አሸዋ በእግሬ ተሻግሬ መጋላ ስደርስ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። በራቸው ክፍት ነበር። ጫማዬን ደጃፉ ላይ አወለቅሁ። ሻንጣው ተዘግቶ ግድግዳው ሥር ቆሟል፤ ሙሽራዋ ምንጣፉ ላይ፣ ከሻንጣው አጠገብ ተቀምጣለች። እናቷ ፖስታውን ከእጄ ነጥቀው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት።

ፎቶውን አውጥተው ቀረብ ራቅ እያደረጉ አዩት።

«ማሻአላህ» አሉ በመጨረሻ። «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ! ምሽት! ሙሉ ምሽት!»

አክስትየዋ በትከሻቸው ላይ አንገቷን አስግጋ አየች። «ወይኔ፣ እኔም የነበርኩ መሰለኝ። ስንት ሰው ነበር የመጣው እናንተ?»

«ቤቱ አልበቃም» አሉ እናቷ፤ «ጎረቤት ድረስ ነው የተቀመጡት»፤ እና ሁለቱም ሳቁ፣ ከዚያ እናቷ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ወርቁንም እዪልኝ። እስቲ አሁን ምን ትላለች ያቺ!»

ፎቶውን ለልጅቷ ሰጧት። እሷ መብራቶቹን ብዙ አላየችም። ወርቁንም አላየችም።

«እኔ እንዲህ ቀና ብዬ ነበር የተቀመጥኩት?» አለች።

«ታዲያስ! የማን ልጅ ነሽ?» አሉ እናቷ።

ልጅቷ ጣቷን ፎቶው ላይ አደረገች፣ በግራ ትከሻው ላይ፣ እኔ በእርሳስ የነካሁት ቦታ ላይ ማለት ይቻላል። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ ትከሻዬን። እናቷ ስለ ክፈፍ እያወሩ ነበር። እሷ ፎቶውን ፖስታው ውስጥ መልሳ ከሻንጣው ላይ ሳይሆን ከጉያዋ አደረገችው።

«ነይ አረፍ በይ፣ ሐልዋ አለ» አሉኝ እናቷ። «የሠርግ ቤት ነው፣ ምን ትቆሚያለሽ!»

«ሰዓቱ ደርሷል» አልኩ።

ሰዓት እላፊው ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ጫማዬን አጠለቅሁና ወጣሁ።